እቁብ ስትገቡ ዕጣችሁ መጨረሻ ይወጣል ብላችሁ አስሉ

ልጆቼ፣ በእቁብ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፤ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበድሯል። የትኛው እንደምትሆኑ የሚወስነው ዕጣ ነው። ስለዚህ «ቶሎ ይወጣልኛል» ብላችሁ ቀን አትቁረጡ።

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ሰው ፀጉር ቤት የምትሠራ ልጅ እናስብ። በዓመቱ የራሷን ቤት መክፈት ትፈልጋለች እንበል። ለካስክና ለወንበር 24,000 ብር፣ ለሦስት ወር ቅድመ ኪራይ ደግሞ 10,500 ብር ያስፈልጋታል። አሥራ ሁለት ሆነው በወር 2,000 ብር ቢጥሉ የዕቃው ዋጋ ከእቁቡ ይወጣል። ኪራዩን ግን በእቁቡ ላይ አትጫነው፤ በየወሩ 1,200 ብር ባንክ ብታስገባ በዓመቱ 14,400 ይሆናል። ከኪራዩ የሚተርፈው 3,900 ዕጣው ዘግይቶ የካስክ ዋጋ ከጨመረ ይሸፍንላታል።

2,000 ብር ትችል እንደሆነ የሚታየው በሠርግ ሰሞን ገቢዋ አይደለም፤ ሙሽራ በሚጠፋበት በዐቢይ ጾም ነው። ገና ሳትገባም የሁለት ዙር መጣያ፣ 4,000 ብር፣ ለብቻው አስቀምጣ ትጀምር። እቁብ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በሌባ ሳይሆን አንድ ወር በጎደለበት ሰው ነው። ያ ሰው ከሌላ እቁብ አምጥቶ ይጥላል፣ ቀጥሎ ሁለቱም ይጎድሉበታል። «ነገ ጠዋት አመጣለሁ» ማለት ሲደጋግም ሰብሳቢው ያኔውኑ ይጠይቀው።

በሁለተኛው ወር ቢደርሳትስ? 24,000 ይዛለች፣ 20,000 ግን ዕዳዋ ነው፤ የኪራዩም ገንዘብ ገና 2,400 ብር ነው። ሥራዋን ለቃ ቤት ብትከራይ ካስኩ ሳይገዛ ብሩ ያልቃል። ይልቅ በዚያው ሳምንት ካስኩን ገዝታ፣ አሁን በምትሠራበት ቤት አስገብታ፣ በደንበኛ ቆጥሮ የሚከፈላትን ድርሻ ከፀጉር ቤቱ ባለቤት ጋር ብትዋዋል ይሻላል። ዕቃው ዕዳውን በከፊል ይጥልላታል።

ስለ ዋስ ልጨምር፤ ወጣቶች ጓደኛ ለጓደኛ በቃል ስለሚዋዋሱ። ዋስ የሚጠራው ብሩ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ዋስ በዚያው እቁብ ውስጥ ያለ፣ ዕጣው ገና ያልወጣለት ሰው ነው፤ የእሱ ዕጣ መያዣ ይሆናል። ሁለት የበሉ ሰዎች እርስ በርስ ቢዋዋሱ ግን ምንም የለም። ወረቀቱ ላይም «ዋስ ነኝ» ብቻ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ለልጅቷ ዋስ የሚፈርመው እንግዲህ «እስከ 20,000 ብር» ብሎ ይጻፍ፤ ምስክሮችም ከሥር ይፈርሙ።

የቤት ኪራይ ወይም የትምህርት ክፍያ ቀን የደረሰበት ሰው የሌላውን ዕጣ በ1,000 ወይም በ1,500 ብር ይገዛል። ነውር የለውም፤ ብቻ የከፈለው ወለድ መሆኑን አውቆ ዕዳው ላይ ይደምረው።