ፓምፑ «ተቃጥሏል» ወይስ «ተቃጥሎብናል»?

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር፣ የከተማችን ውሃ አገልግሎት ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ነኝ፣ የኃላፊያችንን ንግግር የምጽፈው እኔ ነኝ። በደንቡ ስጽፈው ነዋሪው ስልኩን ሲነካካ ይውላል፣ ቀለል ሳደርገው ደግሞ ኃላፊው ‹ይሄ እኮ የሰፈር ወሬ ሆነ፣ በዚህ ማን ይሰማኛል› አሉኝ። ሁለቱንም ልኬልዎታለሁ፣ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ሁለቱንም አነበብኳቸው፣ ኃላፊህ ልክ ናቸው፣ ነዋሪውም ልክ ነው። መጀመሪያ የጻፍከው ይሄ ነው፦

«በከተማችን እየተስተዋለ ያለውን የንጹሕ መጠጥ ውኃ አቅርቦት እጥረት ከመቅረፍ አንጻር ዘርፈ ብዙ ተግባራት እየተከናወኑ የሚገኙ ሲሆን የተበላሹ ሁለት የውኃ መሳቢያ ፓምፖችን በአዲስ የመተካት ሥራ እስከ ሰኔ 30 ድረስ እንዲጠናቀቅ ይደረጋል።»

ቁጠረው፣ 30 ቃል ነው፣ ማሰሪያው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። የሚያነብ ሰው ወደኋላ ተመልሶ ያያል፣ የሚሰማ ሰው ግን መመለሻ የለውም፣ «ይደረጋል» እስኪመጣ ሁሉንም ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ መጠበቅ አለበት፣ «ሲሆን» ላይ ሲደርስ ያወርደዋል። እንዲህ አይነት አረፍተ ነገር የሚቆረጠውም እዛው «ሲሆን» ላይ ነው፣ «በመሆኑም» እና «ከመሆኑ ባሻገር» ባሉበትም እንደዛው።

ቀለል አድርጌ ያልከው ደግሞ፦ «ውሃው እንዳስመረራችሁ ገብቶናል ባካችሁ፣ ፓምፑ ሙድ ይዞብን ነው፣ ትንሽ ታገሱን ይስተካከላል።»

«ሙድ» እና «ባካችሁ» ለኃላፊ እንደማይሆኑ ራስህም ታውቃለህ፣ እሱን ማውጣት ቀላል ነው። የባሰው «ትንሽ ታገሱን ይስተካከላል» የሚለው ነው። ሰኔ 30 የት ሄደ? ሁለቱ ፓምፕስ? ማነው የሚያስተካክለው? «ይስተካከላል» እና «ይደረጋል» ወንድማማች ናቸው፣ ሁለቱም አድራጊውን ይደብቃሉ። የሰውዬው ሥልጣን ያለው ማን፣ ምን፣ መቼ የሚለው ላይ ነው፣ አንተ ግን ድርቀቱን ስታወጣ እሱንም አብረህ አወጣኸው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የምታገኙት። አውቃለሁ። ሁለት ፓምፖች ተቃጥለውብናል። ሁለቱንም እስከ ሰኔ 30 እንቀይራለን። እስከዛ ድረስ ፈረቃው ባለበት ይቀጥላል፣ ይሄን የወሰንኩት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ «አንድ ቀን ብቻ ነው የምታገኙት» የሚለውን እየው። መጽሐፍ ላይ ቢሆን «የምታገኙት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው» ነበር የሚባለው፣ ሰው ሲያወራ ግን «ነው»ን ወደፊት ይስባትና የሚከብደው ነገር ላይ ያሳርፋታል። ይቺ ብቻዋን ንግግሩን ከወረቀት ታወጣዋለች፣ ክብሩንም አትነካም።

ከዛ «ተቃጥለውብናል»። «ተቃጥለዋል» ቢሉ ዜና ነው የሚሆነው፣ እሳቸውን አይመለከትም። ውስጧ የገባችው «ብ» ግን ጉዳቱ እኛም ላይ ነው የደረሰው ታሰኛለች፣ የቤት ሰው ሲያወራ እኮ እንደዚህ ነው የሚለው፣ «ወተቱ ገነፈለብኝ» «ልጁ ታመመብኝ»።

የ«ብ» ጓደኛ «ል» ላይ ግን ተጠንቀቅ። «እንቀይርላችኋለን» ለጆሮ ደስ ይላል፣ ብዙ ኃላፊም ይወዳታል፣ ግን ውለታ የመዋል ድምፅ አላት። ነዋሪው ለውሃው ሂሳብ ይከፍላል፣ ስለዚህ በራሱ ገንዘብ ውለታ እንደተዋለለት ሲነገረው ቅር ይለዋል፣ ለምን እንደሆነ ለይቶ ባያውቀውም። «እንቀይራለን» ይበቃል።

መጨረሻ ላይ ያለችው «እኔ ነኝ» እያለች ማንም ንግግሩን የሰፈር ወሬ ነው አይልም። እዛች ቦታ «እኛ» ብትል ትቀልላለች፣ ሥራውን የሚሠራው ብዙ ሰው ስለሆነ «እንቀይራለን» ትክክል ነው፣ ውሳኔ ላይ ግን «እኔ» ነው የሚያምረው።

አንድ የማይነካ ነገር አለ፣ መመሪያ ወይም የታሪፍ ደንብ የሚጠቀስ ከሆነ ቃሉን እንዳለ ያንብቡት። ከዛ ቀና ብለው «ይሄ ማለት ለናንተ...» ብለው በራሳቸው አፍ ያስረዱ። ደንቡን ራሱን ካቀለልከው ትርጉሙ ይለወጥና በኋላ ክርክር ይመጣል።

ለሚቀጥለው ንግግር ደግሞ ከወረቀት አትጀምር። ኃላፊውን «ለነዋሪው ሊሉት የፈለጉት ዋናው ነገር ምንድነው?» በላቸውና ስልክህ ላይ ቅዳቸው፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የቀዳኸውን እንዳለ ጻፈውና «እ...» እና «ምን ነበር» የሚሉትን አውጣ፣ የዘለሉትን ቁጥርና ቀን መልሰህ አስገባ። ከዛ ጮክ ብለው ያንብቡልህ፣ ትንፋሽ ያጠራቸው ቦታ ላይ አራት ነጥብ አድርግ።