ሽያጩ የወረደው 20 ፐርሰንት ነው ወይስ 25?

ጥያቄ፦ ሰላም። ከሸሪኬ ጋር ትንሽ ሱቅ አለን። ባለፈው ወር የሸጥነው 84,000 ነበር፣ በዚህ ወር ወደ 67,200 ወረደ። እኔ ሳሰላው 25 ፐርሰንት ቀነሰ፤ ሸሪኬ ደግሞ 20 ነው ብሎ ድርቅ ብሏል። ሁለታችንም በካልኩሌተር ነው የሠራነው። ማን ነው የተሳሳተው? ደግሞ ባለፈው ወር 28 ቀን ነበር የከፈትነው፣ በዚህ ወር 24 ቀን ብቻ። ይሄ ነገር ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ሸሪክዎ ልክ ነው፤ 20 ፐርሰንት ነው የቀነሰው። የእርስዎም 25 ግን ከንቱ ቁጥር አይደለም። ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ሆኖብዎት ነው። ቆይቼ እመለስበታለሁ።

እስከ ግማሽ መንገድ አብራችሁ ነው የሄዳችሁት። ከ84,000 ላይ 67,200 ሲቀነስ 16,800 ይመጣል። እዚህ ላይ ጠብ የለም። የተለያያችሁት 16,800ውን ስታካፍሉ ነው። እርስዎ ለ67,200 አካፈሉት፣ 0.25 ሆነ። እሱ ለ84,000 አካፈለው፣ 0.20 ሆነ።

«ቀነሰ» ሲባል «ከምን ላይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። 16,800ው የጎደለው ከ84,000 ላይ ነው። 67,200 ከጎደለ በኋላ የተረፈው ነው፤ ከተረፈው ላይ ምንም አልጎደለም። ስለዚህ የሚካፈለው ሁልጊዜ ለድሮው ቁጥር ነው፦

```
(የድሮው − የአሁኑ) ÷ የድሮው × 100
(84,000 − 67,200) ÷ 84,000 × 100 = 20
```

እኔ ካልኩሌተር ስይዝ አቋራጩን ነው የምጠቀመው። የአሁኑን ለድሮው አካፍላለሁ፦ 67,200 ÷ 84,000 = 0.8። ይሄ ማለት ከድሮው 80 ፐርሰንቱ ተርፏል ማለት ነው። 100 ለመሙላት የቀረው 20 የቀነሰው ነው። መቀነስ የሚባለው ሥራ በጭንቅላት ያልቃል።

መልሱን ካላመኑት ወደኋላ ይሂዱበት። የ84,000 ሃያ አምስት ፐርሰንት 21,000 ነው። ሽያጩ በ25 ፐርሰንት ቢወርድ ኖሮ ደብተርዎ ላይ 63,000 ነበር የሚያገኙት። የእርስዎ ደብተር ግን 67,200 ነው የሚለው። በቃ፣ 25 ወደቀ።

ይሄ ስህተት አንዳንዴ ራሱን በራሱ ያጋልጣል። ሥራ እንደጀመርኩ ሰሞን፣ ከ84,000 ወደ 30,000 እንደመውረድ ያለ ነገር ገጥሞኝ ልዩነቱን ለአዲሱ ቁጥር አካፈልኩና ሪፖርት ላይ «ሽያጭ በ180 ፐርሰንት ቀነሰ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ «ደንበኛው የገዛውን መልሶ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ጨምረንለት ነው?» አለኝ። ሽያጭ ቢወርድ ቢወርድ ዜሮ ነው የሚገባው፣ ያም 100 ፐርሰንት ነው። ከመቶ ያለፈ ቅናሽ ካዩ ያካፈሉት ለተሳሳተው ቁጥር ነው። ትክክለኛው 64 ፐርሰንት ገደማ ነበር። የእርስዎ ዓይነቱ ግን ያስቸግራል፤ 25 ሲያዩት ደህና ቁጥር ይመስላላ።

አሁን ወደ 25ዎ ልመለስ። 67,200 ላይ 25 ፐርሰንት ቢጨምሩበት 84,000 ይሆናል። አዩ፣ እርስዎ ሳያውቁት ያሰሉት «ወደነበርንበት ለመመለስ ስንት ፐርሰንት መጨመር አለብን?» የሚለውን ነው። ለሚቀጥለው ወር ዕቅድ ስታወጡ ይሄ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። ብዙ ሰው «20 ወርደናል፣ 20 እንውጣ» ይላል። ከ67,200 ላይ 20 ፐርሰንት 13,440 ብቻ ነው፤ ሲደመር 80,640። ገና 3,360 ይጎድላል። መነሻው ስላነሰ ያው 20 ፐርሰንት ራሱ አንሷል። ሽያጩ በግማሽ ወርዶ ቢሆን ደግሞ ለመመለስ 100 ፐርሰንት ማደግ ነበረባችሁ። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር የሁለቱ ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል።

የቀኖቹ ጥያቄ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ እንዲያውም ባትጨቃጨቁበት ገርሞኛል። 20 ፐርሰንቱ ልክ ነው፣ ግን 28 ቀን የሠራ ወርን 24 ቀን ከሠራ ወር ጋር ነው ያወዳደረው። ወደ ቀን ይለውጡት። 84,000 ለ28 ቀን ሲካፈል በቀን 3,000 ነው። 67,200 ለ24 ሲካፈል 2,800። በቀን የቀነሰው 200 ነው፤ እሱን ለድሮው፣ ለ3,000 ሲያካፍሉት 6.7 ፐርሰንት ገደማ ይመጣል።

እንግዲህ 16,800ውን ሁለት ቦታ መክፈል ይቻላል። ሱቁ የተዘጋባቸው 4 ቀናት፣ በቀን 3,000 ብለን፣ 12,000 ወስደዋል። በተከፈተባቸው 24 ቀናት ደግሞ በየቀኑ 200 እየጎደለ 4,800 ሄዷል። ሲደመር 16,800፣ ልክ ይገጥማል። ከጎደለው ውስጥ አብዛኛው በሩ ስለተዘጋ የመጣ ነው። ደንበኛ ቀንሷል ወይ ብላችሁ የምትጨነቁበት 4,800ው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ይሄ ስሌት ሁሉም ቀን እኩል እንደሚሸጥ አድርጎ ነው የሚያስበው። የዘጋችሁት ሽያጭ በሚደራበት ቀን ከሆነ መዘጋቱ የወሰደው ከ12,000 ይበልጣል፤ ጭር በሚልበት ቀን ከሆነ ያንሳል። የየቀኑን ከጻፋችሁ ሰኞን ከሰኞ፣ ቅዳሜን ከቅዳሜ ማስተያየት ይሻላል።

ኤክሴል ላይ ለምትሠሩት፣ A2 ላይ ያለፈውን ወር ሽያጭ፣ B2 ላይ የዚህን ወር፣ ከሥራቸው A3 እና B3 ላይ የተከፈተባቸውን ቀናት አስገቡ፦

```
=(B2-A2)/A2
=(B2/B3-A2/A3)/(A2/A3)
```

የመጀመሪያው -0.2 ይሰጣል፣ ሁለተኛው -0.0667 ገደማ። ሴሉን ወደ % ቀይራችሁ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ እንዲያሳይ ካደረጋችሁት -20.00% እና -6.67% ብሎ ያሳያል። ፎርሙላው ውስጥ ደግሞ በ100 አታባዙ፤ % ራሱ ያባዛዋል፣ ሁለቱን ከደረባችሁ -2000% ይመጣና ትደነግጣላችሁ። የመቀነስ ምልክቱ መውረዱን ስለሚናገር ጽሑፍ ላይ ሲገለብጡት «በ20 ፐርሰንት ቀነሰ» ይበሉ፤ «በ-20 ፐርሰንት ቀነሰ» ካሉ ጨመረ እንዳሉ ነው። A2 ባዶ ወይም ዜሮ ከሆነ #DIV/0! ይላል። ባለፈው ወር ምንም ካልተሸጠ የሚቀንስበት መነሻ የለም፤ ፐርሰንቱን ትታችሁ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ።