ካሜራው ከመከፈቱ በፊት፦ የክፍል ቪዲዮ ለምታዘጋጁ ወጣት መምህራን

ውድ ወጣት መምህራን፣

ከተማሪዎቻችሁ ጋር አጭር ቪዲዮ ለመሥራት ስታስቡ፣ ጽሑፍ የሚጽፈውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ለምስሉ አትጠብቁት። ምስሉን ካሜራና ተማሪዎቹ ይሥሩት። «ቪዲዮ ሥራልኝ» ብትሉት የቪዲዮውን መግለጫ ይጽፍላችኋል፤ አንዳንዴም ፋይሉ ተዘጋጅቷል ብሎ ይመልስና ፋይል የሚባል ነገር አይኖርም። እሱ የሚረዳችሁ በወረቀቱ ሥራ ነው፦ በስክሪፕቱ፣ በቀረጻ ዝርዝሩ፣ በጊዜ ሰሌዳውና በሰብታይትሉ። አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አምስት ተማሪዎች «የቦሎቄ ዘር በብርሃንና በጨለማ» የሚል የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ይሠራሉ እንበል።

መጀመሪያ የቃሉን ብዛት ወስኑ። መሣሪያውን «የሦስት ደቂቃ ስክሪፕት ጻፍልኝ» ስትሉት የሚገምተው በራሱ ነው፤ ተራኪያችሁ በምን ፍጥነት እንደሚያነብ አያውቅም። ስለዚህ የሚተርከው ተማሪ ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ለአንድ ደቂቃ ያንብብና ያነበባቸውን ቃላት ቁጠሩ። 90 ቃል አነበበ እንበል። ከ180 ሰከንዱ 40 ሰከንድ ለርዕስና ያለ ንግግር ለሚታዩ ምስሎች ብትተዉ 140 ሰከንድ ይቀራል፤ ይህም 210 ቃል ነው። ለመሣሪያው የምትሰጡት ይህን ቁጥር ነው። የጻፈውን ደግሞ ራሳችሁ በጽሑፍ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ቁጠሩት፤ «210 ቃል ነው» ብሎ 280 ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ትርፏ 70 ቃል ደግሞ ተራኪውን ታሯሩጠዋለች።

የትረካውን ረቂቅ ግን ተማሪዎቹ ይጻፉት። ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነውና ለመሣሪያው አሳልፋችሁ አትስጡት። እናንተ ረቂቁን አስገብታችሁ እንዲህ በሉት፦ «ይህን ጽሑፍ በሁለት ዓምድ አስቀምጥ። በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚነገረው ይሁን። አዲስ ሐሳብ አትጨምር። ምስል ያልተገኘለትን ዓረፍተ ነገር ለይተህ አሳየኝ።» የመጨረሻዋ ትእዛዝ ከሁሉም ትጠቅማለች። ተማሪዎች የሚናገሩትን እንጂ የሚያሳዩትን ስለማያስቡ፣ «ተክል ምግቡን ያዘጋጃል» ለሚለው ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚቀረጽ አይታወቅም። ያ ክፍተት ወረቀት ላይ ሲታይ ተማሪዎቹ ሥዕል ይሥላሉ ወይም ዓረፍተ ነገሩን ይቀይራሉ። ኤዲቲንግ ላይ ከታየ ግን ጊዜው አልፏል።

አዲስ ሐሳብ አትጨምር ብትሉትም የጨመረው ካለ አጣሩ። በዚህ ርእስ ላይ በብዛት የሚሾልከው ስሕተት «በጨለማ ያለው ዘር አይበቅልም» የሚል ነው። ቦሎቄ በጨለማም ይበቅላል፤ ለመብቀል የሚያስፈልገው እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ነው፣ ምግቡን ከዘሩ ያገኛል። ልዩነቱ የሚመጣው ከበቀለ በኋላ ነው፦ በጨለማ ያለው ቀጥኖ ይረዝማል፣ ይገረጣል፣ ቅጠሉም ያንሳል። ስክሪፕቱ ከሚታየው ጋር ከተጋጨ ቪዲዮው ራሱን ሲያስተባብል ይታያል።

ቀጥሎ የቀረጻ ዝርዝሩ ይመጣል። መሣሪያው ባለሁለት ዓምዱን ወደ ሾት ዝርዝር በደቂቃ ይቀይረዋል። 18 ሾት ወጣ እንበል፤ ለእያንዳንዱ በአማካይ 10 ሰከንድ ይደርሰዋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይስታል። አንደኛው በታሪኩ ቅደም ተከተል መደርደሩ ነው። «በቦታና በቀን መድበህ ደርድር» ካላላችሁት፣ አንዱን ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ ያስነሣችኋል። ሁለተኛው ጊዜን አሳንሶ መገመቱ ነው። 10 ሰከንድ የምትታይ ሾት ዕቃ ከማደራጀቱና ከመድገሙ ጋር ስምንት ደቂቃ ያህል ትወስዳለች ብላችሁ አስቡ፤ ለ18ቱ 144 ደቂቃ ማለት ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ አራት ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል።

ዘሩ ደግሞ የራሱ ጊዜ አለው። ቦሎቄ ከአፈር ብቅ ለማለት እንደ ሙቀቱ ከ5 እስከ 10 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ መሣሪያው ግን ካልነገራችሁት መዝራቱንም መብቀሉንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያስቀረጻችኋል። ቀኖቹን እናንተ ስጡት፦ ቀን 1 ሰኞ መዝራት፣ ቀረጻ በቀን 8፣ በቀን 11 እና በቀን 15። እነዚህ ሰኞ፣ ሐሙስና ሰኞ ላይ ይውላሉ። ምርጫውን ለእሱ ብትተዉለት ቀን 6ን ሊያስገባባችሁ ይችላል፤ ቀን 6 ቅዳሜ ነው።

እዚህ ላይ ማንም መሣሪያ ሳይጠየቅ የማያነሣው ነገር አለ። በጨለማ ያለውን ተክል ለመቅረጽ ካርቶኑ ሲከፈት ብርሃን ይገባል፤ በተደጋጋሚ ከተከፈተ ሙከራው ይበላሻል። ስለዚህ በጨለማ ሦስት ኩባያ ዝሩ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ካርቶን ይሸፈን፤ በየቀረጻው ቀን አንዱን ብቻ ክፈቱና የተከፈተውን ከሙከራው አውጡት። ሦስቱ የተለያዩ ተክሎች መሆናቸውንም ትረካው ይናገር። ይህን ለመሣሪያው ከነገራችሁት በዕቃ ዝርዝሩና በሰሌዳው ውስጥ በትክክል ያስገባዋል። ማሰቡ ግን የእናንተ ነው።

ሥራ ስታከፋፍሉ የተማሪ ስም አታስገቡ። «ተራኪ»፣ «ካሜራ»፣ «ድምፅ»፣ «ዕቃ ያዥ»፣ «ሰዓት ጠባቂ» ብላችሁ ጻፉና ስሙን በኋላ በእጅ ሙሉት። ለወላጆች የሚላከውን የፈቃድ ደብዳቤም እንዲሁ፤ ረቂቁን ይጻፍ፣ ቪዲዮው የት እንደሚታይና እስከ መቼ እንደሚቀመጥ የሚገልጸውን መስመር ግን ትምህርት ቤታችሁ በወሰነው መሠረት እናንተ ጻፉት።

የቀረው ሰብታይትሉ ነው። መሣሪያው ትረካውን በአጫጭር መስመር ቆርጦ በዚህ መልክ ይሰጣችኋል፦

```
1
00:00:12,000 --> 00:00:15,500
ቦሎቄ በጨለማም ይበቅላል።

2
00:00:16,000 --> 00:00:20,000
ነገር ግን ግንዱ ቀጥኖ ይረዝማል።
```

መልኩ ትክክል ቢሆንም ሰዓቶቹ ፈጠራ ናቸው፤ ቪዲዮውን አላየውምና። ኤዲቲንጉ ካለቀ በኋላ ሰዓት ጠባቂው ተማሪ ቪዲዮውን እያየ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት ይጻፍ፤ ያንን ዝርዝር አስገብታችሁ «በእነዚህ ሰዓቶች ብቻ ሙላ» በሉት። ኤዲቲንጉ ከማለቁ በፊት ከሠራችሁት፣ አንድ ሾት ባጠረ ቁጥር ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ሁሉ ከድምፁ ይዛነፋል። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አይታይ፣ እያንዳንዱም ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይቆይ። ከሰከንዱ ቀጥሎ ያለው ምልክት ኮማ ነው፤ ነጥብ ከሆነ አንዳንድ ማጫወቻዎች ፋይሉን አይቀበሉም። ፋይሉን በ`.srt` ስም ስታስቀምጡ ኢንኮዲንጉን `UTF-8` አድርጉት። ፊደሉ በጥያቄ ምልክት ወይም ትርጉም በሌለው ምልክት ተተክቶ ካያችሁ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ኢንኮዲንጉ ትክክል ሆኖ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታየ ግን፣ ማጫወቻው የአማርኛ ፎንት ስለሌለው ነውና ከቅንብሩ ፎንቱን ቀይሩ።