የዓመቱን የገቢ መግለጫ ከፔይስሊፕ ጋር ስታስተያዩ፦ ለአዳዲስ ሠራተኞች

«ጋሼ፣ የትኛው ነው እውነቱ?» አለችኝ የእህቴ ልጅ። እዚሁ ድሬዳዋ አንድ የግል ድርጅት ከገባች ገና ዓመት ሞላት። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ አሠሪዋ የዓመት ገቢ መግለጫ ሰጣት። መግለጫው 111,000 ብር ይላል። ፔይስሊፖቿን ስትደምር 118,200 መጣ። ባንክ የገባላት ደግሞ 92,990 ነው። ተሰርቄአለሁ ብላ ተቆጥታለች።

አልተሰረቀችም። ሦስቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው። እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ አሳያችኋለሁ። ጥያቄዋ ግን አንድ ሰው አስታወሰኝና ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጀመሪያ የእሱን ላውራችሁ።

ከዚራ ጎረቤቴ የነበረ መካኒክ ነው። የናፍጣ ሞተር ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ይናገር ነበር። የሚሠራው አንድ የግል ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ነው። እኔ ሌላ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በር ላይ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን። ስለ ልጆች እናወራለን፣ ስለ ኳስ እናወራለን፣ ስለ ደቻቱ ጎርፍ እናወራለን። ስለ ደመወዝ ወረቀት አውርተን አናውቅም።

60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ ሲወጣ ግን በጠራራ ፀሐይ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። «ወንድሜ፣ እስቲ ይሄን እየው። የተሳሳቱ መሰለኝ» አለኝ። የጡረታ አበሉ ተሰልቶ ተነግሮታል። የጠበቀው ሌላ፣ የተነገረው ሌላ።

ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነው። ከብዙ ዓመት ፔይስሊፕ ውስጥ የተረፈው ጥቂት ነው። አራት ቦታ የታጠፈ፣ ዳር ዳሩ ላይ የግራሶ ጣት ያረፈበት ወረቀት። አንዱን ዘርግቼ አነበብኩ። መሠረታዊ ደመወዝ 5,000። ልዩ ልዩ አበል 4,000። ጠቅላላ 9,000። ከታች ደግሞ የጡረታ መዋጮ 350 ይላል።

350 የ5,000 ሰባት በመቶ ነው። የ9,000 ቢሆን 630 መሆን ነበረበት።

በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ሠራተኛው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። ጡረታ ሲወጣ አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት የዚያ አማካይ 30 በመቶ ይታሰባል፣ ከዚያ በላይ ላለው ዓመት እየተጨመረ ይሄዳል። ጎረቤቴ በጡረታ ዐቅዱ የተያዘለት አገልግሎት 10 ዓመት ነበር። ስለዚህ የ5,000 ሠላሳ በመቶ 1,500 ብር ደረሰው። ራሱን የ9,000 ብር ደመወዝተኛ አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። በዚያ ቢሆን 2,700 ይሆን ነበር። ልዩነቱ በየወሩ 1,200 ብር ነው፣ ያውም እስከ ዕድሜ ልክ።

እንዴት እዚያ ተደረሰ? ሲቀጠር የተሰጠው ደብዳቤ ደመወዝ 5,000 ይላል። ከዚያ በኋላ «ጨምረንልሃል» እየተባለ የመጣው ሁሉ አበል በሚለው መስመር ላይ ነው የገባው። ጭማሪው የተነገረው በቃል ነው። እሱም የሚያየው የመጨረሻውን መስመር፣ እጁ የሚገባውን ብቻ ነበር።

የሚቆጨኝ ሌላው ወረቀት ነው። በፌስታሉ ውስጥ የዓመት ገቢ መግለጫም ነበር። ግብር የሚከፈልበት ገቢ 108,000፣ የጡረታ መዋጮ 4,200 ይላል። 4,200ን ለ0.07 አካፍሉት፣ 60,000 ይመጣል። 60,000ን ለ12 ስታካፍሉ 5,000። ወረቀቱ ራሱ በየዓመቱ እየነገረው ነበር ማለት ነው። ግብር ሲሰላ 4,000ው ገቢ ሆኖ ተቆጠረበት፣ ጡረታ ሲሰላ ግን ከደመወዝ ወጣ። ያንን መግለጫ ከቁጠባ ማኅበር ብድር ለመውሰድ ተጠቅሞበታል። ብድር ሰጪውም ያየው ጠቅላላውን ነው።

ወደ ድርጅቱ ሄደ፣ ፊርማው ያለበትን የቅጥር ደብዳቤ አሳዩት። ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤት ሄደ። እዚያ የሚታየው ሪፖርት የተደረገውና መዋጮ የገባበት ደመወዝ ነው። ጭማሪው የደመወዝ ነው የሚል አንድ ደብዳቤ ቢኖረው የሚሟገትበት ነገር ይኖረው ነበር። አልነበረውም። አብረን ሻይ ስንጠጣ ያ ወረቀት አንድ ቀን እንኳ ጠረጴዛ ላይ ቢወጣ ኖሮ፣ ሰውየው ገና ሥራ ላይ እያለ ጥያቄውን ያነሳ ነበር።

አበል ሁሉ ተንኮል ነው ማለቴ አይደለም። የቤት አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ የበረሃ አበል በትክክል የሚከፈልባቸው ቦታዎች አሉ። መሠረታዊ ደመወዝ ስላልሆኑ ጡረታ አይቆረጥባቸውም። ችግሩ ደመወዝ ጨመርን ተብሎ በአበል ስም ሲገባ ነው።

አባቴ የሽመንደፈር ሠራተኛ ነበር። የደመወዝ ቀን ማታ እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ በመስመር በመስመር ታነበው ነበር። አንዱ መስመር ካልገባት በነጋታው አባቴ ጠይቆ እንዲመጣ ታደርጋለች። ያኔ ጭቅጭቅ ይመስለኝ ነበር። የዛሬ ልጆች ግን የባንክ ኤስኤምኤስ ከመጣላቸው ፔይስሊፑን አይከፍቱትም። ሥራ አስኪያጅ ፊት ቆሞ «ይህ መስመር ምንድነው?» ማለትም ያሳፍራቸዋል። በቲክቶክ ላይ ግን ደፋር ናቸው።

አሁን ወደ ልጅቷ ሒሳብ። መሠረታዊ ደመወዟ 9,000 ነው። የትራንስፖርት አበል 600 ታገኛለች፣ ይህ ከግብር ነፃ በተደረገው ጣሪያ ውስጥ ያለ ነው። በአንድ ወር ደግሞ 3,000 ብር ኦቨርታይም ሠርታለች። ፔይስሊፕ ላይ ጠቅላላ የሚለው ሁሉንም ይደምራል፣ ስለዚህ በዓመት 118,200 መጣ። መግለጫው ላይ ያለው ግን ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው። የዓመቱ የትራንስፖርት አበል 7,200 ሲወጣለት 111,000 ይቀራል። ባንክ የገባው ደግሞ ከጠቅላላው ላይ ግብርና ጡረታ ከተቀነሰ በኋላ ያለው ነው።

ግብሩን በወር በወር እንየው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ቀጥሎ ያለው 2,000 በ15 በመቶ፣ ከዚያ ያለው 3,000 በ20 በመቶ፣ ከ7,000 እስከ 10,000 ያለው በ25 በመቶ ይሰላል። የ9,000 ግብር 300፣ 600 እና 500 ተደምሮ 1,400 ነው። ጡረታዋ 630። ሁለቱ ተቀንሰው የትራንስፖርቱ 600 ሲጨመር፣ ተራ ወር ላይ እጇ የሚገባው 7,570 ነው። ልብ በሉ፣ በእኛ አገር ግብር የሚሰላው ጡረታው ከመቀነሱ በፊት ነው። 630ውን መጀመሪያ ቀንሳችሁ ግብር ካሰላችሁ ከፔይስሊፑ ጋር በጭራሽ አይገጥምላችሁም።

ኦቨርታይም የሠራችበት ወር ላይ ግብር የሚከፈልበት 12,000 ሆነ። ከ10,000 በላይ ያለው 30 በመቶ ስለገባ ግብሩ 2,250 ደረሰ። ጡረታው ግን ያው 630 ነው፣ ኦቨርታይም መሠረታዊ ደመወዝ ስላልሆነ። የወሩ የተጣራ 9,720። አሥራ አንዱን ተራ ወርና ይህን ደምሩት፦ ግብር 17,650፣ ጡረታ 7,560፣ የተጣራ 92,990። ቁጭ አለ።

እሷ ግን በራሷ መንገድ ስታሰላው 100 ብር ጎድሎባት ነበር። 111,000ን ለ12 አካፍላ፣ ለአማካዩ 9,250 ግብር አውጥታ፣ መልሳ በ12 አበዛችው። 17,550 መጣላት። መቶ ብር በትርፍ ቆረጡብኝ አለች። የደመወዝ ግብር የሚቆረጠው በየወሩ ነው። ገቢ የጨመረበት ወር ከፍ ወዳለው ተመን ይገባል፣ አማካይ ሲወሰድ ያ ይደበቃል። ስለዚህ የዓመቱን ድምር ከዓመቱ ድምር ጋር ብቻ አታስተያዩ። 12ቱን ፔይስሊፕ ደርድሩና ለየወሩ አራት ነገር ጻፉ፦ ጠቅላላ፣ ግብር የሚከፈልበት፣ ግብር፣ ጡረታ። ከዚያ እያንዳንዱን ዓምድ ደምራችሁ ከመግለጫው ጋር አስተያዩ። ልዩነት ካለ የትኛው ወር ላይ እንደሆነ ይታወቃል። የሒሳብ ክፍል ስትሄዱም «ገንዘቤ ጎድሏል» ከማለት «የጥር ኦቨርታይም መግለጫው ላይ የለም» ብትሉ መልስ ታገኛላችሁ።

ብዙ ጊዜ ልዩነት የሚፈጥረው ድንበሩ ነው። የሰኔ ኦቨርታይም ሐምሌ ላይ ከተከፈለ በአዲሱ ዓመት መግለጫ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የሰኔና የሐምሌ ፔይስሊፖችን ጎን ለጎን እዩ። የብድር፣ የቁጠባና የወጪ መጋራት ተቀናሾች ደግሞ እጃችሁ የሚገባውን ያሳንሱታል እንጂ ግብር የሚከፈልበትን ገቢ አይነኩም።

የጡረታዋን 7,560 ለ0.07 አካፍለን 108,000 አገኘን። ለ12 ስናካፍል ልክ 9,000፣ ደብዳቤዋ ላይ ያለው ደመወዝ። ስሟንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯንም አየን፣ የራሷ ነው።

ወረቀት የመሰለ ማስረጃ የለም እላለሁ ሁልጊዜ። የጎረቤቴን ፌስታል ሳስበው ግን እናንተ ትሻላላችሁ። በደረሳችሁ ቀን ፎቶ አንሱት፣ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት። የቅጥር ደብዳቤውንና የጭማሪ ደብዳቤውንም ጨምሩበት።

አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። 9,000 የሚከፈለው ልጅ 2,000 ሲጨመርለት በአበል ስም ቢሆንልኝ ይሻላል ይላል፣ እጁ የሚገባው በ140 ብር ስለሚበልጥ። ከግብር ነፃ ያልሆነ አበል ከሆነ ግብሩ በሁለቱም መንገድ ያው 1,950 ነው። ልዩነቱ የጡረታ 7 በመቶ ብቻ ነው። በደመወዝ ላይ ቢገባለት ግን አሠሪው 220 ብር ከራሱ ይጨምርለታል። 140 ብር ለማትረፍ ሲል በየወሩ 360 ብር መዋጮ ይቀርበታል፣ አማካይ ደመወዙም ባለበት ይቆማል። ጭማሪ ሲነገራችሁ «በየትኛው መስመር ነው የሚገባው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በደብዳቤ ተቀበሉ።