ምንባቡ ላይ ስላለ ብቻ መልስ አይሆንም

ሰላም ልጆች፣ በተለይ ዘንድሮ 8ኛ እና 12ኛ ክፍል የምትፈተኑት። እኔ ጡረታ ወጥቼ እዚህ ሱሉልታ ቁጭ ብያለሁ፣ ማስተማሩ ግን አልለቀቀኝም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ወረቀታቸውን ይዘው ይመጡና በረንዳ ላይ ምንባብ እንሰራለን። ታዲያ ከሁሉም አፍ የምሰማው አንድ ክርክር አለ፣ "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ምንባቡ ላይ አለ!" እውነታቸውን ነው፣ አለ። ችግሩ ግን "የምንባቡ ዋና ሐሳብ የቱ ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ የተሳሳቱት ምርጫዎች ብዙ ጊዜ ውሸት አይደሉም፣ ጥያቄ አውጪው ሆን ብሎ ከምንባቡ ከራሱ ነው የሚቀዳቸው፣ ውሸት ቢሆኑማ ማን ይሳሳት ነበር። ስለዚህ "ይሄ እውነት ነው ወይ?" እያላችሁ ምርጫ የምታጠፉ ከሆነ ለዝርዝር ጥያቄ ይሰራላችኋል፣ ዋና ሐሳብ ላይ ስትደርሱ ግን ጉድ ይሰራችኋል።

በወሬ ብቻ ከማስረዳ አንድ አጭር ምንባብ ልጻፍላችሁና አብረን እንየው። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ የጨመርኳቸው፣ ለመነጋገር እንዲመቸን።

(1) ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል እየተባለ ብዙ ይወቀሳል። (2) ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ዋና ከተማ ሆና ባለችበት እንድትቆይ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ይኸው ዛፍ ነው። (3) ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተመናመነ። (4) እንጨት በመጥፋቱም ዋና ከተማውን ወደ ሌላ ቦታ የማዛወር ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። (5) በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት ለአገልግሎት ይደርሳል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። (6) በዚህም ምክንያት ነዋሪው ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት በአቅራቢያው ማግኘት ቻለ።

ጥያቄው ያው ነው፣ የምንባቡ ዋና ሐሳብ የቱ ነው?

ሀ. ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል።
ለ. ባሕር ዛፍ ውሃ ስለሚመጥጥ ጉዳት ያመጣል ተብሎ ይወቀሳል።
ሐ. አዲስ አበባ ከተመሠረተች ጀምሮ ብዙ ለውጥ አሳልፋለች።
መ. የእንጨት ችግርን ያቃለለ ዛፍ ለመዲናዋ መጽናት አስተዋጽኦ አድርጓል።

ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት በእጃችሁ ሸፍኗቸውና ሁለት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ስለ ምንድነው የሚያወራው? ስለ ባሕር ዛፍ። ጥሩ፣ ግን ይሄ ርዕሰ ጉዳይ ነው እንጂ ዋና ሐሳብ አይደለም፣ ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ያቆማል። ሁለተኛው ጥያቄ ነው ዋናው፣ ስለ ባሕር ዛፍ ምን እያለን ነው? መልሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት፣ ግስ ያለው፣ ሰው "አይ፣ አልስማማም" ብሎ ሊከራከርበት የሚችል። "ባሕር ዛፍ" ብትሉኝ ምን ብዬ እከራከራለሁ? "ባሕር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት እንድትቆይ ረድቷል" ስትሉኝ ግን አሁን አንድ ነገር አላችሁ።

እሱን ዓረፍተ ነገር ለማግኘት የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ይዤ ወደ ታችና ወደ ላይ እጠይቃለሁ። ወደ ታች ሲሆን "እንዴት? ለምን?" እላለሁ፣ ወደ ላይ ሲሆን "ታዲያ ምን ይሁን?" እላለሁ። 5ኛውን እንውሰድ፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ታዲያ ምን ይሁን? ሰው እንጨት ቅርብ አገኘ፣ ይሄ 6ኛው ነው። እንጨት ቅርብ ቢያገኝስ ታዲያ ምን ይሁን? ከተማዋ መነሳት አላስፈለጋትም፣ ይሄ 2ኛው ነው። 2ኛው ላይ ስትደርሱ "ታዲያ ምን ይሁን?" ብትሉ ምንባቡ ውስጥ መልስ የለም፣ ከዛ በላይ አይሄድም። አሁን ደግሞ 2ኛው ላይ ቆማችሁ "እንዴት አድርጎ?" ብላችሁ ወደ ታች ጠይቁ፣ 3፣ 4፣ 5 እና 6 ተሰልፈው ይመልሱላችኋል። ደኑ አለቀ፣ መዛወር ታሰበ፣ በፍጥነት የሚያድግ ዛፍ ገባ፣ እንጨት ተገኘ። ወደ ላይ መልስ የሌለው፣ ወደ ታች ግን ሌሎቹ ሁሉ የሚመልሱለት ዓረፍተ ነገር ክፍል ውስጥ ኃይለ ቃል እያላችሁ የተማራችሁት ነው፣ የቀሩት መዘርዝሮች ናቸው።

አሁን ምርጫዎቹን ክፈቱ። ሀ የ5ኛው ዓረፍተ ነገር ግማሽ ነው፣ ቃል በቃል የተገለበጠ። ልጆች የሚወዱት እሱን ነው፣ ምክንያቱም ዓይናቸው "ጉቶ" እና "ያቆጠቁጣል" የሚለውን ምንባቡ ላይ ሲያገኘው ደስ ይላቸዋል። ግን ሀን ከያዛችሁ 3ኛውና 4ኛው ምን ሊሰሩ ገቡ? ስለ ጥድና ስለ ወይራ ለምን ተወራ? የአንድ ዓረፍተ ነገር ቤት ብቻ የሆነ ምርጫ ለምንባቡ ሁሉ ጠባብ ነው።

ለ ደግሞ "ኃይለ ቃል መጀመሪያ ላይ ነው" ብለው ለሸመደዱ ልጆች የተዘጋጀ ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ይገኛል፣ አልዋሿችሁም፣ ግን መሐልም መጨረሻም ይመጣል። እዚህ ጸሐፊው መጀመሪያ የሌላ ሰው ወቀሳ ያነሳና "ይሁን እንጂ" ብሎ ወደ ራሱ ሐሳብ ይዞራል። እነዚህን ቃላት፣ ይሁን እንጂ፣ ዳሩ ግን፣ ነገር ግን፣ ስታዩ ጆሮአችሁ ይቁም። ሆኖም ደግሞ "ግን" ባያችሁ ቁጥር ዋና ሐሳብ መጣ እንዳትሉ፣ 5ኛው ውስጥም "ግን" አለ እኮ! እሱ ባሕር ዛፍን ካለቀው ደን ጋር ከማነጻጸር አልፎ የምንባቡን አቅጣጫ አይቀይርም። የቱ ነው የሚቀይረው የሚለውን የሚነግራችሁ ከሱ በኋላ ያለው ነው። ከ"ይሁን እንጂ" በኋላ ያሉት አምስቱም ዓረፍተ ነገሮች ወቀሳውን ትተው አዲሱን ሐሳብ ይዘው ነው የሄዱት።

ሐ የጎበዞች ወጥመድ ነው ባይ ነኝ። ትልቅ ትልቅ ይሸታል፣ "ዋና" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ትልቁን ምርጫ የሚያነሱ ልጆች አሉ። ለሐ አንድ ፈተና አለኝ፣ ይሄን እንደ ርዕስ ብቻውን ባየው ምን ብዬ እጠብቃለሁ? ባቡሩን፣ መንገዱን፣ የሕዝቡን ቁጥር፣ አሁን ደግሞ ኮሪደር ልማቱን። አንዱም የለም። የጠበቃችሁት ነገር ምንባቡ ውስጥ ከሌለ ምርጫው ሰፊ ነው።

መ ቀረ። ተመልከቱት፣ "ባሕር ዛፍ" እንኳን አይልም፣ "መዲና" "መጽናት" "አስተዋጽኦ" ምንባቡ ላይ የሉም። ቃል ለቃል የሚፈልግ ልጅ ለዛ ነው ዘሎት የሚያልፈው። ትክክለኛው መልስ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ልብሱን ቀይሮ ነው የሚመጣው፣ እናም ከምንባቡ ጋር በጣም የተመሳሰለ ምርጫ ስታዩ ከመደሰት ይልቅ መጠርጠር ይሻላል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፣ መ "አስተዋጽኦ አድርጓል" ነው ያለው። "አዲስ አበባ ያልተዛወረችው በባሕር ዛፍ ምክንያት ብቻ ነው" ቢል ኖሮ ስህተት ይሆን ነበር፣ ምንባቡ "ካደረጓት ነገሮች አንዱ" ብሏልና። ብቻ፣ ሁሉም፣ ሁልጊዜ፣ በፍጹም የሚሉ ቃላት ጥሩ የሚመስለውን ምርጫ ያበላሹታል፣ ምንባቡ ራሱ እንደዛ አጥብቆ ካልተናገረ በስተቀር።

ወደ ዝርዝር ጥያቄ ስትመጡ ሥራው ይገለበጣል። "በምንባቡ መሠረት ዋና ከተማውን የማዛወር ሐሳብ የተነሣው ለምንድነው?" ቢባል ስለ ምንባቡ ሁሉ ማሰብ ትታችሁ "ማዛወር" የሚለውን ፈልጋችሁ 4ኛው ላይ ትቆማላችሁ፣ ከሱ በፊትና በኋላ ያለውን አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባላችሁ፣ እንጨት ስለጠፋ። አለቀ። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ዕውቀታችሁ ነው። አንዱ ልጅ ባለፈው "ባሕር ዛፍ ከየት ገባ?" ለሚለው "ከአውስትራሊያ" አለኝ፣ ልክ ነው፣ የዛፉ አገር አውስትራሊያ ነው፣ ግን ምንባቡ "ከውጭ" ብቻ ነው ያለው። ምርጫው ውስጥ "ከምንባቡ ማወቅ አይቻልም" የሚል ካለ መልሱ እሱ ነው። በጣም ተከራከረኝ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ያነበበውና ጥያቄው የሚያዘው ተምታቶበት እንጂ።

ማስመሪያና ሃይላይተር ይዛ የምትመጣ አንዲት ልጅ አለች፣ የጨረሰችው ገጽ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ነው የሚሆነው። "ሁሉም አስፈላጊ ነው ቲቸር" ትለኛለች። አሁን ሃይላይተሩን ወስጄ እርሳስ ሰጥቻታለሁ፣ ለአንድ አንቀጽ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚፈቀድላት፣ እሱንም ከማስመሯ በፊት "ታዲያ ምን ይሁን?" ብላ ጠይቃ። መጀመሪያ ተጨነቀች፣ አሁን ትንሽ እየለመደች ነው፣ ቢያንስ ለምን ያንን መስመር እንደመረጠች ትነግረኛለች።

ይሄ ሁሉ ግን የሚሰራው ኃይለ ቃሉ ተጽፎ ሲገኝ ነው። ታሪክ የሚተርክ ምንባብ ላይ፣ ሴትዮዋ ሌሊት ተነሳች፣ እንጨቷን ተሸከመች፣ ቁልቁል ወረደች፣ ገበያ ቀዘቀዘባት ዓይነት ከሆነ፣ የትኛውም ዓረፍተ ነገር ላይ "ታዲያ ምን ይሁን?" ስትሉ መልሱ ገጹ ላይ አይገኝም። ያኔ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ፣ ዝርዝሮቹ በሙሉ ወደ የት እንደሚያመለክቱ አይታችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር በጠርዙ ላይ በእርሳስ ትጽፋላችሁ፣ ድካሟ ከምታገኘው ጋር አይመጣጠንም ብላችሁ፣ ከዛ ለሱ የሚቀርበውን ምርጫ ትፈልጋላችሁ። ሁለት ሦስት አንቀጽ ያለው ከሆነ ደግሞ ለየአንቀጹ አንድ አንድ ጽፋችሁ የቱ ሌሎቹን እንደሚያቅፍ ታያላችሁ።

የእንግሊዝኛውና የአፕቲትዩዱ ፓሴጅም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ቋንቋው ነው የሚለየው። "ሀውኤቨር" ስታዩ እንደ ይሁን እንጂ ቁሙ፣ "ፎር ኤግዛምፕል" ካለ ደግሞ የሚከተለው ዝርዝር ነው፣ የሚያስረዳው ከሱ በፊት ያለውን ነውና ዓይናችሁን አንድ መስመር ወደ ኋላ መልሱ። የማታውቁት ቃል ዝርዝሩ ውስጥ ከሆነ እለፉት፣ ኃይለ ቃሉ ውስጥ ከሆነ ግን ከዝርዝሮቹ ገምቱት፣ እነሱ እኮ የሚያወሩት ስለሱ ነው።

"ጥያቄውን ቀድመን እናንብብ ወይስ ምንባቡን?" ብላችሁ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የዝርዝሮቹን ጥያቄ ቀድማችሁ ብታዩ ጥሩ ነው፣ ምን እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ። የዋና ሐሳቡን ምርጫዎች ግን ምንባቡን ጨርሳችሁ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ሳትይዙ አትዩ፣ አንዴ ሀን ካነበባችሁ ዓይናችሁ ጉቶውን ብቻ እየፈለገ ነው የሚያነበው።