የመጀመሪያ ወር ኪራይ ስሌትና የጳጉሜን ጉዳይ

«አራት ኪሎ ያለውን ክፍሌን ተከራይ ጥቅምት 12 ገባበት። ኪራዩ በወር 24,000 ብር ነው። የመጀመሪያውን ወር ስንት ልጠይቀው? ከዚያ በኋላ ኢንቮይሱ በየወሩ በራሱ እንዲወጣስ ምን ላድርግ?»

ውላችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ የቀኑ ኪራይ 800 ብር ይሆናል። የገባበትን ቀን ጨምሮ ከ12 እስከ 30 ድረስ 19 ቀን ስላለ፣ የመጀመሪያው ሂሳብ 15,200 ብር ነው። ብዙ ሰው 30 ላይ 12 ቀንሶ 18 ይላል፤ በዚህም የአንድ ቀን ኪራይ ይቀርበታል።

ይህን የመጀመሪያ ኢንቮይስ ለብቻው በእጅዎ ያውጡት። የተደጋጋሚው ኢንቮይስ አካል ከሆነ 15,200 ብር በየወሩ ሲደጋገም ሊያገኙት ይችላሉ፤ እኔም በሁለተኛው ወር ተከራዬ በፈገግታ «ቀነሱልኝ?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። የ24,000 ብሩን ተደጋጋሚ ኢንቮይስ ከኅዳር 1 ያስጀምሩት፤ በ2018 ይህ ቀን ኖቬምበር 10 ላይ ይውላል።

ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ወርን ብቻ ከሆነ «በየወሩ» የሚለውን አይምረጡ፤ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10 ላይ ቢውልም ጥር 1 ግን ጃንዋሪ 9 ላይ ስለሚውል ቀኑ ቀስ በቀስ ይዛነፋል። «በየ30 ቀኑ» ቢሉት እስከ ነሐሴ በትክክል ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጳጉሜን 1 ላይ ተጨማሪ ኢንቮይስ ያወጣል። ስለዚህ በነሐሴ መጨረሻ አቁመው መስከረም 1 ላይ እንደገና ያስጀምሩት። የጳጉሜን ቀናት የሚከፈልባቸው መሆን አለመሆናቸውን ግን ውሉ ላይ ይጻፉት።