ጥያቄና መልስ፦ የጉንፋን መድኃኒት ከፓራሲታሞል ጋር

«ጉንፋን ይዞኛል። እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝን ዴይኩዊል ቀን፣ ናይኩዊል ማታ እወስዳለሁ። ራሴን ሲያመኝ ፓራሲታሞል እጨምራለሁ። ችግር አለው?» — ከፒያሳ

አለው። ካርቶኑ ላይ «አሴታሚኖፌን» የሚል ያገኛሉ። እሱ ራሱ ፓራሲታሞል ነው፣ አሜሪካኖች እንዲህ ነው የሚጠሩት። ካፕሱሎቹ አብዛኛውን ጊዜ 325 ሚሊ ግራም ይይዛሉ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ስለሚወሰድ 650 ይሆናል። ቀን ሦስቴ፣ ማታ አንዴ ከወሰዱ 2,600 ሞላ። በዚያ ላይ ባለ 500ውን ፓራሲታሞል ሁለት ሁለት እያደረጉ ሦስቴ ሲጨምሩ ሌላ 3,000 ነው። ድምሩ 5,600! ጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ጉበቱ የታመመ፣ መጠጥ የሚያዘወትር ወይም ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ሰው ልኩ ከዚህም ያነሰ ነውና ፋርማሲስት ይጠይቅ።

ስለዚህ አንዱን ይምረጡ። ያስቸገረዎት ትኩሳትና ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ተራው ፓራሲታሞል ይበቃል። አፍንጫ ከተዘጋ የጨው ውሃ ጠብታ ይጨመርበታል፣ እሱ ማስታገሻ የለውም። እኔ ብሆን ይህንን ነው የምመርጠው፤ ምን ያህል እንደወሰዱ መቁጠር ይቀላል።

«በፍል ውሃ የሚበጠበጠው ዱቄትስ? እሱ እኮ እንደ ሻይ ነው።» — ከአራት ኪሎ

ሎሚ ሎሚ ስለሚል ነው የሚያታልለው። ብዙዎቹ በአንድ ከረጢት ከ500 እስከ 1,000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አላቸው። አንድ ኩባያ ሁለት ክኒን ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከረጢቱን ከመጣልዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ።

«ፓራሲታሞሉ ላይ አይቡፕሮፌን ብጨምርስ? ዳይክሎፌናክም ቤት አለ።» — ከለገሃር

ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን የተለያዩ ስለሆኑ አብረው ሊወሰዱ ይችላሉ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን አንድ ዘር ናቸው። ሁለቱን መደረብ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል እንጂ ከጉንፋኑ ቶሎ አያድንም። አይቡፕሮፌን የተቀላቀለባቸው የጉንፋን መድኃኒቶችም አሉ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም፣ ሐኪም ሳያማክር አይቡፕሮፌንንም ዳይክሎፌናክንም አይንካ።

«ሳላውቅ ከትናንት ጀምሮ ደርቤ ወስጃለሁ። ምንም አላመመኝም፤ ልተወው?» — ከሜክሲኮ

በ24 ሰዓት ውስጥ የወሰዱትን ይደምሩ። ከ4,000 ካለፈ አይተዉት፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የፓራሲታሞል ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሰማ ወይም ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። የቀኝ ጎን ሕመምና የዓይን ቢጫ መሆን የሚመጡት ጉበት ከተጎዳ በኋላ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። ማርከሻ አለው፤ በደንብ የሚሠራው ግን መድኃኒቱ ከተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ቢዘገይም ስለሚጠቅም «ጊዜው አልፏል» ብለው አይቅሩ። ካርቶኖቹን ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ክኒኑ ስም በሌለው ፖስታ የተሰጠዎት ከሆነም ፖስታውን ከነክኒኑ ያሳዩ፤ በስንት ሰዓት እንደወሰዱም ይናገሩ።